«ምንም መድኃኒት አልወስድም»

ሥራዬ ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን ሰዎች አስቀድሞ ማነጋገርና ቅጽ መሙላት ነው። ቅጹ ላይ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ለዓመታት እንደተጻፈው እያነበብኩ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። አንዲት የ58 ዓመት ሴት ለእንቅርት ቀዶ ሕክምና ሲመጡም እንዲሁ ጠየቅኋቸው። «ምንም መድኃኒት አልወስድም» አሉኝ፤ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሴትዮዋ አልዋሹም። በእሳቸው ዘንድ መድኃኒት ማለት ሐኪም ያዘዘው ብቻ ነው።

በቀዶ ሕክምናው ቀን የማታ ተረኛ ሆኜ የገባሁት እሳቸው የተኙበት ክፍል ነበር። ተራ ስረከብ፣ ቀዶ ሐኪሙ ቁስሉን ከመዝጋታቸው በፊት ደሙ አልቆም ብሎ እንዳስቸገራቸው ተነገረኝ። ብዙም ሳይቆይ ፋሻው ርሶ አየሁት። አንገታቸውን ስዳስስ በአንድ ወገን ጠንክሮ ተወጥሯል። ድምፃቸው ጎርንኗል፤ ጋደም እንዲሉ ስጠይቃቸው «ያፍነኛል» ብለው ቀና አሉ። አንገት ጠባብ ቦታ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን እብጠት ብቻ ሆኖ የሚያልፍ ደም እዚያ ሲጠራቀም የአየር ቧንቧን ይጫናል። ሐኪሙን ጠራሁ፤ ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ተመለሱ።

ቁስሉ ሲከፈት ተፈትቶ የተገኘ አንድም የደም ሥር አልነበረም። ደሙ ከየቦታው እንደ ላብ ነበር የሚወጣው። የላቦራቶሪው ውጤት ደግሞ ሁሉም ደኅና ነው፤ የፕላትሌት ቁጥር 240,000፣ የደም መርጋት ምርመራውም ጤናማ። በማግስቱ ልጃቸው የእናቷን ዕቃ ይዛ ስትመጣ ሦስት ብልቃጥ አወጣች፤ የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ እንክብል፣ የጂንኮ ቅጠል እንክብል፣ ባለ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ። ለደም ዝውውርና ለማስታወስ ችሎታ ይጠቅማሉ ተብለው ለሁለት ዓመት በየጠዋቱ ሲውጧቸው ኖረዋል። ቀዶ ሕክምናው በተደረገበት ዕለት ዋዜማም ወስደዋል።

ደሙን ያበዛው ይህ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ አንዳች እንክብል ሳይወስድም ከእንቅርት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደማ ሰው አለ። ነገር ግን ያየነው የመድማት ዓይነት ከእንክብሎቹ ጠባይ ጋር ይገጥማል። ፕላትሌቶች የተቆረጠ የደም ሥር ላይ ተጣብቀው የሚደፍኑ ጥቃቅን የደም ክፍሎች ናቸው። በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ይህን የመጣበቅ ችሎታ ይቀንሳል። የተለመደው ምርመራ ፕላትሌቶችን ይቆጥራል እንጂ መጣበቅ መቻላቸውን አይፈትሽም። ስለዚህ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ሥራው የጎደለ ደም በወረቀት ላይ ጤነኛ ይመስላል። ሊያስጠነቅቀን ይችል የነበረው እኔ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ እንክብል ከቀዶ ሕክምና ስንት ሳምንት አስቀድሞ መቆም እንዳለበት የሚታወቀውም ከዚሁ ነው። ነጭ ሽንኩርት የነካው ፕላትሌት ችሎታው ላይመለስለት ይችላል፤ አዲስ እስኪተካው መጠበቅ ግድ ይሆናል። የአንድ ፕላትሌት ዕድሜ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ስለዚህ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ቢያንስ 1 ሳምንት፣ የተሻለው ደግሞ 2 ሳምንት አስቀድሞ ይቆማል። ወጥ ውስጥ የሚገባውን ነጭ ሽንኩርት ማለቴ አይደለም፤ የምናገረው ተጨምቆ በየቀኑ ስለሚዋጠው ነው። ጂንኮ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ 36 ሰዓት ይበቃዋል ተብሎ ተጽፏል። ሆኖም በአንድ እንክብል ውስጥ ከሌላ ቅጠል ጋር ተቀላቅሎ ስለሚሸጥ፣ የማደንዘዣ ሐኪማችን ለእሱም ሆነ ከፍተኛ መጠን ላለው ቫይታሚን ኢ 2 ሳምንት ያዛሉ። ለድብርት ተብሎ የሚወሰደው ሴንት ጆንስ ዎርትም እዚሁ ይመደባል፤ ምክንያቱ ግን ደም አይደለም። ጉበት መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያነቃቃና ይህ ጠባዩ ካቆሙት በኋላም ስለሚቆይ ነው። የዓሣ ዘይትን ቀድሞ እናስቆም ነበር። በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ከ1,500 በላይ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት መድማትን እንዳልጨመረ ካሳየ ወዲህ ግን በእሱ ብቻ ቀን አናስለውጥም።

ሴትዮዋ ድነው ሄዱ። እኔ ግን በፍርሃት ተያዝኩ፤ ሌላ ስሕተት የሠራሁትም በዚያ ፍርሃት ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን ታካሚ ሁሉ «ሐኪም ያላዘዘውን ማንኛውንም እንክብል ከ2 ሳምንት በፊት ያቁሙ» እል ጀመር። ለአንጀት መውረድ ቀዶ ሕክምና ቀን የተያዘላቸው አንድ ሰው በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ። «ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ልቤ ይመታል። ሕመሙ ብሶብኝ ይሆን?» አሉኝ።

ምን እንዳቆሙ ጠየቅኋቸው። ለሦስት ዓመት በየማታው አራት አራት የቫለሪያን እንክብል እየዋጡ ይተኙ ነበር። ቫለሪያን እንቅልፍ የሚያመጣ ሥር ነው፤ አንጎል ላይ የሚሠራው የሐኪም ማዘዣ ከሚጠየቅባቸው አንዳንድ የማረጋጊያ ክኒኖች ጋር በሚመሳሰል መንገድ ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ የወሰደ ሰው በአንድ ሌሊት ሲያቆም ሰውነቱ ይታወካል። ያ መታወክ ከቀዶ ሕክምና ማግስት ጋር ቢገጥም፣ ታካሚው ሲቃዥና ልቡ ሲፈጥን ምክንያቱን የሚያውቅ አይኖርም።

ስልኩን ሳልዘጋ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ነገርኳቸው። «ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሱ፤ ከዚያ በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ እንክብል ይቀንሱ» አሉ። አራቱ ሦስት፣ ሦስቱ ሁለት እየሆኑ በ12 ቀን ያልቃሉ። እኛ ደግሞ የቀሩን 10 ቀናት ብቻ ነበሩ። ቀዶ ሕክምናው አስቸኳይ ስላልነበር አንድ ሳምንት ወደፊት ተገፋ። መግፋት የማይቻል ቢሆን ኖሮ፣ እስከ ቀዶ ሕክምናው ቀን ድረስ እየወሰዱ እንዲቆዩና የማደንዘዣ ሐኪሙ መጠኑን አውቀው እንዲዘጋጁ ይደረግ ነበር።

አሁን የምጠይቀው ቀዶ ሕክምናው በተወሰነበት ዕለት ነው፤ በዋዜማው ሲጠየቅ የ2 ሳምንቱ ጊዜ አልፏል። «ከምግብ ሌላ የሚውጡት፣ በጥብጠው የሚጠጡት፣ ለእንቅልፍ ወይም ለጉልበት ብለው የገዙት ነገር አለ?» እላለሁ። ብልቃጦቹን ይዘው እንዲመጡ አደርጋለሁ፤ ጀርባቸው ላይ በደቃቁ የተጻፈውን አብረን እናነባለን። የትኛው በየትኛው ቀን እንደሚቆም ራሱ ብልቃጡ ላይ እጽፋለሁ። ሐኪም ያዘዘውን አስፕሪን ወይም የደም ማቅጠኛ ግን ማንም በራሱ እንዳያቆም አጥብቄ እናገራለሁ፤ የእነዚህን ቀን የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ሆኖ ነው።

እኒያ ሰው በአዲሱ ቀጠሮ ሲመጡ ብልቃጣቸውን ይዘው ነበር። ከሽፋኑ በታች በእጄ የጻፍኳቸው አራት ቀኖች በተራ በተራ በእስክሪብቶ ተሰርዘዋል። «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «አምስት ሰዓት ያህል ተኛሁ፤ እጄንም እይው» ብለው ሁለቱን መዳፎቻቸውን ፊቴ ዘረጉ። አይንቀጠቀጡም ነበር።