ስቴንት በገባ በዘጠነኛው ሳምንት ጥርስ ሊነቀል ሲል

ሕመምተኛው የ58 ዓመት ሰው ናቸው። «ጥርስዎ ስለሚነቀል ደም ማቅጠኛዎቹን ለአንድ ሳምንት ያቁሙ» ተብለው እኔ ወደምሠራበት ፋርማሲ መጡ። የሚወስዱት አስፕሪን 81 ሚሊ ግራም እና ክሎፒዶግሬል 75 ሚሊ ግራም ነው፤ ሁለቱም በቀን አንዴ።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ስቴንቱ፣ የልብ ደም ቧንቧቸውን ከፍቶ የሚይዘው መረብ፣ ለምን እንደገባና መቼ እንደገባ ነው። ከሆስፒታል ሲወጡ የተሰጣቸው ወረቀት ሁለቱንም ይናገራል፦ በድንገተኛ የልብ ደም ቧንቧ መዘጋት፣ ከዘጠኝ ሳምንት በፊት። ምክንያቱ ጊዜውን ይወስነዋል። እንዲህ በድንገት ለተዘጋበት ሰው ሁለቱ መድኃኒቶች በተለምዶ ለ12 ወር አብረው ይሰጣሉ። በቀጠሮ፣ በረጋ የደረት ሕመም ለገባለት ግን አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይበቃል፤ ለመድማት በጣም የተጋለጠ ከሆነ ሐኪሙ ወደ 3 ወይም ወደ 1 ወር ሊያሳጥረው ይችላል። ከዚያ በኋላ አንደኛው፣ ብዙ ጊዜ አስፕሪን፣ ይቀጥላል።

«ደም ማቅጠኛ» የሚለው ስም ራሱ ነገሩን ያበላሸዋል ብዬ አምናለሁ። ኪኒኖቹ ደሙን አያቀጥኑትም፤ ፕሌትሌት የሚባሉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ። ስቴንት የብረት መረብ ነው። የደም ቧንቧው የውስጥ ሽፋን በላዩ አድጎ እስኪያለብሰው ድረስ ፕሌትሌቶች እንደ ቁስል ያዩታል፣ ይጣበቁበታል። አሁን የሚገቡት ስቴንቶች ቧንቧው ተመልሶ እንዳይጠብ የሚያደርግ መድኃኒት ተቀብተዋል፤ ያ መድኃኒት ግን ሽፋኑ የሚያድግበትንም ጊዜ ያዘገያል።

ሁለት መድኃኒት የሚያስፈልገው ፕሌትሌቶች በአንድ መንገድ ብቻ ስለማይጠራሩ ነው። አስፕሪን አንዱን ኬሚካል፣ ትሮምቦክሴንን፣ እንዳይሠራ ያግዳል። ክሎፒዶግሬል ኤዲፒ የተባለው ሌላ ኬሚካል የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል። በ1998 እ.ኤ.አ. በወጣ በ1,653 ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት 3.6 በመቶዎቹ በ30 ቀን ውስጥ ከባድ ችግር ገጥሟቸዋል። አስፕሪንን ከቲክሎፒዲን፣ ከክሎፒዶግሬል ታላቅ ወንድም፣ ጋር የወሰዱት ግን 0.5 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ አንድ ሳምንት ቢያቆሙስ? ሁለቱም ኪኒኖች የነኩትን ፕሌትሌት ዕድሜውን ሙሉ ያሰናክሉታል፤ ዕድሜው ደግሞ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ስለዚህ አንድ ቀን መርሳት ብዙ አያናጋም፤ በሚቀጥለው የመውሰጃ ሰዓት የተለመደውን አንድ ፍሬ መውሰድ እንጂ ሁለት ማድረግ አያስፈልግም። ሳምንት ሲሞላ ግን አብዛኞቹ ፕሌትሌቶች አዲስ ናቸው፤ ስቴንቱም ያለ ጥበቃ ይቀራል። እዚያ የረጋ ደም ቧንቧውን በድንገት ስለሚደፍነው ብዙ ሰው ይሞትበታል።

ስለዚህ ስቴንቱን ላስገቡት ሐኪም ደወልኩ፤ ሁለቱም እንዲቀጥሉ ተስማማን። ለጥርስ ሐኪሙ የጻፍኩት ማስታወሻ አጭር ነበር፦ አንድ ጥርስ ብቻ፣ በጠዋት፣ ጉድጓዱ በክር እንዲሰፋ፣ ጎዝ ለ30 ደቂቃ ተነክሶ እንዲቆይ። ለሕመሙ ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አይሁን፤ ሁለቱም መድማትን ይጨምራሉ፣ አይቡፕሮፌን ደግሞ የአስፕሪንን ሥራ ሊያስተጓጉል ይችላል። እስከ ማታ ምራቃቸው ቀላ ብሎ ቆየ፣ ከዚያ አቆመ። የአፍ ደም በጣት ተጭኖ ይቆማል፤ ልብ ውስጥ የረጋውን ግን በጣት መድረስ አይቻልም። ትልቅ ቀዶ ሕክምና ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ነው፦ ከተቻለ ማዘግየት፣ ካልተቻለ በልብ ሐኪሙ ውሳኔ ክሎፒዶግሬልን ከ5 ቀን በፊት አቁሞ አስፕሪንን ማስቀጠል።

ከዚህ በኋላ አሠራሬን ቀየርኩ። «ለአንድ ዓመት ይውሰዱ» ማለት ትቼ የሚያልቅበትን ቀንና «ያለ ልብ ሐኪም ፈቃድ አይቁም» የሚለውን በሳጥኑ ላይ እጽፋለሁ። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስዱትን፣ የክሎፒዶግሬልን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ሐኪማቸው ወደ ፓንቶፕራዞል እንዲቀይርላቸው እጠይቃለሁ። ጾም ሲገባ ጠዋት የሚወስዱትን የሚተዉ አሉ፤ በቀን አንዴ የሚወሰደውን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፣ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰደውን ሌላውን የፕሌትሌት መድኃኒት፣ ቲካግሬሎርን፣ ግን እንደዚያ በአንድ ጊዜ መጠቅለል አይቻልም። ድድ ቢደማ ወይም ቆዳ ቢበልዝ እየወሰዱ ይደውሉልኝ እላለሁ፤ ሰገራ እንደ ሬንጅ ቢጠቁር ወይም ደረት ቢጨነቅ ግን ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል። መድኃኒቱ ከገበያ ሊጠፋም ስለሚችል፣ አሥር ፍሬ ሲቀር ቀድመው እንዲመጡ አደርጋለሁ።