ከአያቴ የወረስኩት የስፌት መኪና፦ ሠሪውን መለየትና መርፌ ማግኘት

ከአያቴ የወረስኩት በእግር የሚነዳ የስፌት መኪና በዚህ ሳምንት አንድም ስፌት ሳይዘል አንድ ሙሉ መጋረጃ ዘምዝሞ ስለጨረሰልኝ፣ ተመሳሳይ መኪና ለወረሳችሁ ያየሁትን ላካፍል። ስለ ጽዳቱ ብዙ አልልም፤ የደረቀ ቅባቱ በነጭ ጋዝ ይለቃል፣ ከዚያም የስፌት መኪና ዘይት ይጠጣል፤ የምግብ ዘይት ግን አይጠጋው።

የብረት መቆሚያው ላይ «ሲንጀር» ተብሎ ስለተቀረጸ ቤተሰቡ ሁሉ ሲንጀር ይለዋል። ይሁን እንጂ ጭንቅላቱ ከመቆሚያው በቀላሉ ስለሚነቀል የአንዱ ጽሑፍ ለሌላው ምስክር አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ1900 ወዲህ የተሠራ የሲንጀር ጭንቅላት የመለያ ቁጥሩ በፊደል ይጀምራል፤ የእኔው አሃዝ ብቻ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ሳጋድመው ደግሞ ከሆዱ ሥር «ጄ ኤ» የሚሉ የላቲን ፊደላትና ቁጥር በብረቱ ላይ ተገኙ። ይህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሲንጀርን 15 ቁጥር ሞዴል እየቀዱ ያመርቱ የነበሩ የጃፓን ፋብሪካዎች ምልክት ነው። ቅጂ መሆኑ ሊያስከፋ አይገባም፤ የ15 ቁጥር መለዋወጫ ዛሬም በብዛት ይመረታል።

ያስቸገረኝ መርፌው ነው። ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የሰፊዎች መንገድ ያሉ ሰፊዎች ብዙዎቹ የፋብሪካ መኪና ስለሚጠቀሙ ሱቆቹም በብዛት የሚይዙት የእርሱን መርፌ ነው። አንድ ባለሱቅ «ሁሉም መርፌ አንድ ነው» ብሎ የሰጠኝ መርፌ ገባ፣ ብሎኑም ጠበቀ፣ መኪናው ግን በየሦስት አራት ስፌቱ ይዘል ነበር። የፋብሪካው መርፌ አናቱ ሙሉ ክብ ሲሆን ውፍረቱ 1.62 ሚሊ ሜትር ነው፤ የቤት መኪናው ግን 2 ሚሊ ሜትር ሆኖ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ቀጭኑ መርፌ በማሰሪያው ውስጥ ቦታውን ስለማይሞላ ወደ ጎን ይሸሻል ወይም ይዞራል፤ መንጠቆውም ክሩን ሳያገኝ ያልፋል። ስለዚህ ስትገዙ «የሲንጀር መርፌ» አትበሉ፤ በማሸጊያው ላይ HAx1፣ 15x1 ወይም 130/705 H የሚለውን ፈልጉ፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። ለተራ ጥጥ 90/14፣ ለወፍራም ጨርቅ 100/16 ይበቃል። ስታስገቡትም ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት፣ ጠፍጣፋው ጎን ወደ መንጠቆው ይዙር።

ቦቢኑን በተመለከተ አንድ አዛውንት ሰፊ «ልጄ፣ ስሙን ተወውና ቦቢኑን አሳየኝ» ያሉኝ ትክክል ነበር። የ15 ቁጥር ቦቢን ጎኖቹ ጠፍጣፋ ሆነው ስፋቱ 20፣ ቁመቱ 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የፋብሪካው ቁመቱ 9 ገደማ ስለሆነ በቦቢን ቤቱ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። የቦቢን ቤት ስትገዙ ደግሞ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ወደ ውጭ የወጣችው ጣት አቅጣጫዋ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ መጠኑ እኩል ሆኖም አልቀመጥ ሊል ይችላል። ጣቷን በሞረድ አስተካክላለሁ ከሚል ሰው እጅ መኪናችሁን አርቁ። አዲሱን ቤት ከነቦቢኑ በክሩ አንጠልጥላችሁ እጃችሁን ቀስ ብላችሁ ስትነቀንቁ ትንሽ ወርዶ መቆም አለበት፤ ያለማቋረጥ ከወረደ በጎኑ ያለችውን ትንሿን ብሎን በጣም በጥቂቱ አጥብቁ።