የእጅ ሥራ የብር መስቀልን ከፋብሪካው የምለየው ከጀርባው ነው

ባሕር ዳር ላይ፣ የዘጌ ጀልባዎች በሚነሱበት የጣና ዳር አካባቢ የሚሸጡ የአንገት መስቀሎች ከፊት ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። ሻጩም ሁሉንም «የእጅ ሥራ ነው» ይላል። ስለዚህ ሁለት መስቀሎች ጎን ለጎን አድርጌ ስመረምር የጀመርኩት ገልብጬ ነው፤ አንጥረኛም ፋብሪካም ብዙ የሚደክመው ለፊቱ ነውና።

በመጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። በእጅ መሠራቱ አንድ ነገር ነው፣ ብር መሆኑ ሌላ። ፋብሪካ እውነተኛ ብር ይሠራል፤ አንጥረኛም ነሐስ ሠርቶ ብር ይቀባል። ከሺህ 925 እጁ ብር ነው የሚለውን የ«925» ማኅተም ደግሞ ማንም መምታት ይችላል። የድሮ አንጥረኞች ያቀልጡት የነበረው የማርትሬዛ ብር፣ ያ ሁልጊዜ 1780 ተብሎ የሚታተመው፣ ከሺህ 833 ብቻ ብር ነው። አሮጌ የእጅ ሥራ ማኅተም ባይኖረው ወይም 925 ባይሞላ አልገረምም።

ብዙ የሚናገረው ብየዳው ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ከጎን ስታበራ፣ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይዤ የሽቦ ጌጡ ከመደቡ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አየሁ። አንጥረኛ ሽቦውን ለብቻ ስቦ፣ አጥፎ፣ ለብየዳ የሚረዳውን ቦራክስ ቀብቶ ነው የሚበይደው። የብየዳው ብር ቶሎ እንዲቀልጥ መዳብና ዚንክ ስለሚገባበት ከመደቡ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል። መጠኑም ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዱ ጋ ተርፎ ይተኛል፣ ሌላው ጋ ሳይደርስ ይቀራል። በመጀመሪያው መስቀል ላይ የስፌት መርፌ ጫፍ በሽቦውና በመደቡ መካከል ሁለት ቦታ ገባልኝ። በሁለተኛው ላይ የትም አልገባም። ሽቦ የሚመስለው ነገር ከመደቡ ጋር አብሮ የፈሰሰ እብጠት ነበር፤ ሥሩ ክብ ሆኖ የተሞላ፣ ጎድጓዳው ውስጥም የመርፌ ቀዳዳ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ያሉበት። በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ጌጥ ምልክቱ ይህ ነው። ከዚያ የዚያኑ ዓይነት ሦስት መስቀሎች እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። ሦስቱም ግራ ክንዳቸው ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጭረት ነበራቸው። በእጅ የተሠሩ ሦስት መስቀሎች አንድ ጉድለት አይጋሩም።

ግራጫና ለስላሳ፣ በመርፌ በቀላሉ የሚጫር ብየዳ ካየሁ ግን በካውያ የተሠራ የቆርቆሮ ጥገና ነው። እንዲህ ያለውን ለአንጥረኛ ስሰጥ አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ቆርቆሮው ሳይነሳ በእሳት ከጋለ ብሩን ይበላዋል።

ክብደቱን በእጅ መገመት አሳስቶኛል፤ ወፍራም ነሐስ ከስስ ብር ይከብዳል። አሁን የምጠቀመው 0.01 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛንና የውኃ ብርጭቆ ነው። መስቀሉን በደረቁ እመዝናለሁ። ቀጥሎ ብርጭቆውን ሚዛኑ ላይ አድርጌ ወደ ዜሮ እመልስና መስቀሉን በቀጭን ክር አንጠልጥዬ፣ ታችና ጎን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ አጠልቀዋለሁ። ደረቁን ክብደት ሚዛኑ ለሚያሳየው ቁጥር አካፍላለሁ፤ ውጤቱ መስቀሉ ከእኩል መጠን ውኃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይነግረኛል። የመጀመሪያው 14.20 ግራም ሆኖ ውኃው ውስጥ 1.38 አሳየ፤ 10.29 መጣ። ሁለተኛው 11.60 ለ1.35፣ ማለትም 8.59። ጥሩ ብር ከ10.1 እስከ 10.4 ይደርሳል፣ ነሐስ 8.5 አካባቢ ነው። ጌጡ ሥር የአየር አረፋ ከቀረ የማካፈሉ ውጤት ስለሚወርድ ውኃው ውስጥ አንዴ አራግፌ እንደገና አነባለሁ። ዘዴው ውስጡ ክፍት ለሆነ ጌጥና ድንጋይ ላለበት አይሠራም። በዚህ ክብደት 925ን ከ833 መለየትም አይቻልም፤ የ0.01 ግራም ስህተት ብቻውን ልዩነቱን ያደበዝዘዋል።

አጨራረሱ ላይ የማየው ጎድጓዳውን ነው። ሞረድ የማይደርስበት ማዕዘን እንደ ፊቱ እኩል ካብረቀረቀ ማሽን ወይም ቅብ አለበት። ጥቁረቱም ይፈተናል፤ ሻጩን አስፈቅጄ አልኮል የነካ ጥጥ አሽበታለሁ። ቀለም ከሆነ ጥጡ ይጠቁራል፣ የብሩ የራሱ ጥቁረት ግን አይለቅም።

ሰንሰለት አብሮ ካለ መቆለፊያው ላይ ማግኔት አስጠጋለሁ። የፋብሪካ መቆለፊያ ትንሽ ቢሳብ ውስጡ የብረት ሞላ ስላለ ነው እንጂ ብር አይደለም ማለት አይደለም፤ ሰንሰለቱ ራሱ ከተሳበ ነው ነገሩ። አንጥረኛ በብዛት ቀላል ቆልማማ ሽቦ ይሠራል። እሱን በጣት ገፋ አደርገዋለሁ፤ ከታጠፈ ከብየዳው እሳት በኋላ በመዶሻ ሳይጠነክር የቀረ ነው፣ አንገት ላይም አይቆይም። መጨረሻ ላይ መስቀሉን የያዘችውን ቀለበት በጥፍር እፈትናለሁ። የመጀመሪያው፣ ያ ብር ሆኖ የተገኘው የእጅ ሥራ፣ ቀለበቱ ሳይበየድ በመጫን ብቻ የተዘጋ ነበር፤ ከመግዛቴ በፊት ሻጩ እንዲያስበይደው አደረግኩ።