«ትንሽ ነው የቀረኝ»

ዛሬ የጌሜን የመጀመሪያ ሌቨል ለሦስተኛ ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። ሌቨሉ ማስተማር ያለበት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ መዝለል፣ ወደ ፊት መስፈንጠር እና ግድግዳ ረግጦ መውጣት። መጀመሪያ ላይ ማብራሪያ የሞላባቸው ሰሌዳዎች ነበሩት። እህቴ ስትጫወት አየኋት። ሰሌዳው ብቅ ሲል ሳታነብ ቁልፉን ጠቅ ጠቅ አድርጋ አጠፋችው። ከዚያ «አሁን ምን ላድርግ?» ብላ ዞራ አየችኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሰሌዳዎቹን በሙሉ አነሳኋቸው።

መዝለል ብዙም አላስቸገረኝ። መንገዱ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ሰው ቁልፎቹን ሲነካካ በራሱ ያገኘዋል።

የከበደኝ መስፈንጠሩ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ተጫዋቹ ፊት ጉድጓድ ቆፈርኩ። ተራ ዝላይ 4 ካሬ ያሻግራል፤ ጉድጓዱን 5 ካሬ አደረግኩት። ዝላይ ብቻውን ስለማይበቃ ተጫዋቹ ሌላ መንገድ ይፈልጋል ብዬ ነበር። እህቴ ግን አልፈለገችም። ከጫፉ ላይ ዘለለች፣ ወደቀች። ወደ ኋላ ተመልሳ ተንደርድራ ዘለለች፣ ወደቀች። 11 ጊዜ ቆጠርኩ። ገጸ ባሕሪው ማዶውን ሊነካ ለጥቂት እየቀረው ነበር የሚወድቀው። እሷም ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ትንሽ ነው የቀረኝ» አለች።

ስህተቴ ያኔ ገባኝ። ለጥቂት የሚያመልጥ ርቀት «ሌላ ነገር ሞክር» አይልም። «እንደገና፣ አሁን በደንብ» ነው የሚለው። እህቴ ሌቨሉ የነገራትን በትክክል ሰምታለች። የተሳሳተ ነገር የነገራት ሌቨሉ ነው። ደግሞስ የመስፈንጠሪያው ቁልፍ መኖሩን በምን ታውቃለች? እስከዚያ ድረስ አንድም ጊዜ አልተጫነችውም።

ስለዚህ ለሁለት ከፈልኩት። መጀመሪያ ቁልፉን ብቻውን ማስተማር፣ ከዚያ ከዝላይ ጋር ማጣመር። እዚህ ላይ በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ትዝ አለኝ። በመጀመሪያው ሌቨል ላይ ከሳጥን የሚወጣው እንጉዳይ ወደ ቀኝ ይሄድና ቱቦው ጋ ሲደርስ ተጋጭቶ ወደ ተጫዋቹ ይመለሳል። ማንም ምንም አልተናገረም፤ ሥራውን የሠራው ቱቦው ነው። እኔም ጣሪያው ዝቅ ያለ ዋሻ ሠራሁ። እዚያ ውስጥ መዝለል አይቻልም። መጨረሻው ላይ የተሰነጣጠቀ ግድግዳ አለ፣ ከላዩ የቁልፉ ሥዕል ብቻ። ሲጫኑት ገጸ ባሕሪው ይስፈነጠራል፣ ግድግዳው ይፈራርሳል፣ ስክሪኑ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ጉድጓዱ ይመጣል፣ ትዝታው ሳይቀዘቅዝ።

ጉድጓዱን ግን አሁን 7 ካሬ አደረግኩት። መስፈንጠሩም 4 ካሬ ስለሚወስድ ሁለቱ ተደምረው 8 ይሆናሉ፤ አንድ ካሬ ለጀማሪ ስህተት ይተርፋል። በዝላይ ብቻ የሞከረ ሰው ከመሃል ትንሽ አልፎ ይወድቃል። ያ ውድቀት አያሻማም። ሲወድቅም አይሞትም። ከታች ጠንካራ መሬት አለ፣ ወደ ኋላ የሚመልስ ደረጃም አለ። መጀመሪያ ላይ ግን የወደቀ ሁሉ ሞቶ ከሌቨሉ መነሻ ይጀምር ነበር። ሰው እንደዚያ ሲቀጣ አዲስ ነገር መሞከር ይተዋል፤ የሚያውቃትን ብቻ ይዞ ይደጋግማል።

ግድግዳ ረግጦ መውጣቱን ያስተማርኩት ተጫዋቹን ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ በመጣል ነው። ቁመቱ 7 ካሬ፣ ዝላይ ወደ ላይ የሚያወጣው ግን 3 ካሬ ብቻ። ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል፣ ከእግሩ ሥር አቧራ ይነሳል። ያንን ያየ ሰው የመዝለያ ቁልፉን ሳይጫን አይቀርም። መጀመሪያ ስፋቱን 5 ካሬ አድርጌው ነበር፤ ማዶው ግድግዳ ጋ እስኪደርሱ ያገኙትን ከፍታ መልሰው ያጡታል። 2 ካሬ ሳደርገው ግን ቁልፉን እንዲሁ ቢደጋግሙትም ያወጣል።

ማታ እህቴ እንደገና ተጫወተችው። ዋሻውን አለፈች፣ ጉድጓዱን በመጀመሪያው ሙከራ ተሻገረች። ደስ አለኝ፣ ግን ምንም ማስረጃ አይደለም። ጉድጓዱን ካለፈው ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች። አንድ ሰው ሌቨሉን ሳያውቀው የሚሞክርልኝ አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አያገለግለኝም። ቅዳሜ ጌም ነክቶ የማያውቅ ጓደኛዬ ይመጣል። ከኋላው ተቀምጬ ስንቴ እንደወደቀና የት እንደወደቀ እጽፋለሁ። ቢጠይቀኝም አልመልስም ብዬዋለሁ።