ኩንታሉን ትቼ አባላቱን ቆጠርኩ

ሲቪዬን ከስሩ መስራት ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሞላኝ። እንደኔ ከገጠር ማህበር ተነስታችሁ የፕሮጀክት ስራ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ስራዬ ይህ ነበር። ቡሬ አካባቢ ባለ አንድ የገበሬዎች ሁለገብ ህብረት ስራ ማህበር የግብይት ባለሙያ ነበርኩ። ጥር ሲገባ ከአባላት በቆሎ እንገዛለን፤ መዝነን በአይሱዙ ጭነን ለገዢ እንልካለን። በመሃል ስልጠና እንሰጣለን።

የድሮው ሲቪዬ አናት ላይ በጥቁሩ የደመቀው ዓረፍተ ነገር “ከ1,200 በላይ አርሶ አደሮችን አሰልጥኛለሁ” የሚል ነበር። እውነቱን ለመናገር እኮራበት ነበር። ደብረ ማርቆስ ለቃለ መጠይቅ ስጠራ፣ ከጠያቂዎቹ አንዷ ሲቪዬን አየት አደረጉና “ከነዚህ ውስጥ የተማሩትን የተጠቀሙበት ስንት ናቸው?” አሉኝ። ዝም። “መጀመሪያስ የት ነበሩ?” ሲሉ አሁንም ዝም። በመልሱ መንገድ፣ ፍኖተ ሰላምን እስክናልፍ ድረስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሲጫወት እኔ ያንን ጥያቄ ነበር የማመላልሰው።

ቤት ስደርስ የስልጠናዎቹን የፊርማ ወረቀቶች ቅጂ አወጣሁ። ስምንት ዙር ነበር። ፊርማው ሲደመር 1,240 መጣ። ስም በስም አስተያይቼ ስቆጥር ግን የሰዉ ብዛት 371 ሆነ። አንዱ ገበሬ ሶስት አራት ጊዜ ፈርሞ ነው ቁጥሩ የወፈረው። ውሸት ልጽፍ አስቤ አልነበረም። ለሪፖርት የምንደምርበት መንገድ እንደዚያ ስለነበር ነው። ግን ሲቪ ላይ “አርሶ አደሮች” ብዬ ፊርማ መቁጠሬ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው እዚሁ ቡሬና አካባቢው የሚሰራ የአንድ ፕሮጀክት ማስታወቂያ የወጣው። እንደ ልማዴ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ያሰለጥናል፣ ያስተባብራል፣ ሪፖርት ያዘጋጃል፣ ክትትል ያደርጋል። ሁሉም እኔ ነኝ! በየአንዳንዱ አጠገብ የራሴን ስራ ጻፍኩ። አንድ ማታ ሙሉ ፈጀብኝ። ጠዋት ሳየው የድሮው ሲቪ ነው፣ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተቀይሯል።

ስህተቱ የገባኝ ማስታወቂያውን እስከ ታች ሳነበው ነው። ከተግባሮቹ ዝርዝር በታች፣ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው፣ ተቀጣሪው ማምጣት ያለበትን ውጤት የሚናገር አጭር ክፍል አለ። ሶስት ነገር ነው የሚለው። በ18 ወር ውስጥ በማህበር በኩል የሚሸጡ አባላት ድርሻ እንዲያድግ። በጥራት ጉድለት የሚመለስ ጭነት እንዲቀንስ። ገበሬው እህሉን ባስረከበ በሰባት ቀን ውስጥ ገንዘቡን እንዲያገኝ። የሚቀጥሩህ ለነዚህ ሶስቱ ነው። ስልጠናና ክትትል መንገዶቹ ናቸው።

ሶስቱን በሶስት ወረቀት ላይ ለየብቻ ገለበጥኩ። በየወረቀቱ ራስጌ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ፦ እዚህ የሚቆጠረው ምንድን ነው፣ ከስንት ውስጥ?

የመጀመሪያው ላይ ነው ብዙ የቆየሁት። “በማህበር በኩል መሸጥ እንዲያድግ” ሲል ወዲያው ኩንታል መጣልኝ። የማስታውሰው ቁጥር ስለነበር ነው። በ2013 የግዢ ወቅት 1,800 ኩንታል ገዛን፣ በ2014 ደግሞ 2,700። በመቶ 50 እድገት። ሲነበብ ያምራል፣ ሲቪ ላይም አሰፈርኩት። አንድ የማህበራት ዩኒየን ውስጥ የሚሰራ ወዳጄ አየና “አንተ፣ ማስታወቂያው መች ኩንታል አለ?” አለኝ። እውነቱን ነው። የሚለው “የአባላት ድርሻ” ነው። ኩንታል አምስት ትልልቅ ገበሬዎች ብዙ ስላመጡም ሊያድግ ይችላል። ፕሮጀክቱ የሚፈልገው ግን ቀድሞ ለነጋዴ ይሸጥ የነበረው ተራው አባል ወደ ማህበሩ ሚዛን መምጣቱን ነው።

ስለዚህ ወደ ግዢ ካርኒዎቹ መመለስ ነበረብኝ። የማህበሩን ሊቀመንበር ጠየቅኳቸው። ያለ ማንም ገበሬ ስም ድምሩን ብቻ እንድጠቀም ፈቀዱልኝ። ይህን አትዝለሉት፤ የመስሪያ ቤት ቁጥር የግል ንብረት አይደለም። ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ፣ እያንዳንዱን የአባል ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ እየቆጠርኩ ሄድኩ። በ2013 ከ420 አባላት 150ዎቹ ሸጡልን፤ በመቶ 36 አካባቢ ነው። በ2014 ከ432 አባላት 216፤ ልክ ግማሹ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልፈልገው ተገኘ። 1,800ን ለ150 ሳካፍል ለአንድ ሰው 12 ኩንታል ነው። 2,700 ለ216 ሲካፈል 12 ተኩል። እንግዲህ የኩንታሉ እድገት ከሞላ ጎደል የመጣው እያንዳንዱ ብዙ ስላመጣ አይደለም፣ ብዙ ሰው ስለመጣ ነው። ለዚህ ማስታወቂያ ከዚህ የተሻለ ቁጥር ከየት ይገኛል? ሁለት ዓመት ሙሉ ካርኒ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ እኔ ኩንታሉን ብቻ እያየሁ አለፍኩት። አዲሱ ዓረፍተ ነገር እንዲህ ሆነ፦ “በማህበሩ በኩል በቆሎ የሸጡ አባላት ከ420 ውስጥ 150 ከነበሩበት በአንድ ዓመት ከ432 ውስጥ 216 ደርሰዋል፤ የግዢ ቀኑን በየጎጡ ቀድሜ በማስታወቅና ሁለተኛ የመመዘኛ ቦታ በመክፈት።”

መጨረሻው ላይ ያለው ሐረግ ትንሽ አከራከረን። ያ ወዳጄ “ዋጋችሁም ያን ዓመት ከነጋዴው ይሻል ነበር እኮ” አለ። ልክ ነው፣ ይሻል ነበር። ዋጋውን የወሰነው ደግሞ ቦርዱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ስለዚህ “አሳደግሁ” የሚለውን ሰርዤ “ደርሰዋል” አልኩ። እኔ ያደረግኩትን ከኋላ ለብቻው አስቀመጥኩት። ቢጠይቁኝ የዋጋውንም እናገራለሁ። ከሩቅ ሲታይ ትንሽ ደካማ ይመስላል። ደብረ ማርቆስ እንደገጠመኝ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ግን የሚቆመው ይኸኛው ነው።

ሁለተኛው ወረቀት ቀለል አለኝ። በ2013 ከላክናቸው 30 አይሱዙዎች ሰባቱ ከነጭነታቸው ተመለሱ፤ ምክንያቱ እርጥበት ነው። ያኔ ደረቅነቱን የምናውቀው ፍሬውን በጥርስ ነክሰን ነበር። ገዢው ግን በመሳሪያ ነው የሚለካው፤ ከ13 በመቶ ካለፈ አይቀበልም። በቀጣዩ ዓመት ማህበሩ የእርጥበት መለኪያ ገዛ። ጆንያው ሚዛን ላይ ከመውጣቱ በፊት እየለካሁ፣ ያልደረቀውን ሸራ ላይ እንዲያሰጡት እመልስ ነበር። ከ45 ጭነት የተመለሱት ሁለት ናቸው። መጀመሪያ “የተመላሽ ጭነትን በመቶ 80 ቀነስኩ” ብዬ ጽፌ ነበር። ከላክነው ጭነት የተመለሰው ድርሻ ከመቶ 23 ወደ 4 ተኩል ገደማ ስለወረደ ስሌቱ ትክክል ነው። አንባቢው ግን ከስር ያለው ቁጥር ሰባት መሆኑን አያይም፤ ሲያውቅ የተታለለ ይመስለዋል። ስለዚህ “ከ30 ጭነት 7 ይመለስ የነበረው ከ45 ጭነት 2 ብቻ ሆኗል” ብዬ እንዳለ ተውኩት። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን መቶኛውን ትቶ ቆጠራውን ማሳየት ይሻላል። ሙሉ ጭነት ተመልሶበት የሚያውቅ ሰው ያቺን ሁለት ሲያይ ይገባዋል።

ሶስተኛው ወረቀት ባዶ ቀረ። ክፍያ በሰባት ቀን የሚለው ነው። ከመዝገባችን ሳወጣው የኛ ገበሬ ገንዘቡን ያገኝ የነበረው በአማካይ በ19 ቀን ነው፤ በሁለቱም ዓመት ብዙም አልተለወጠም። ገንዘቡ የሚመጣው ከዩኒየኑ ስለሆነ በእጄ አልነበረም። ሌላ ቁጥር አምጥቼ ልሸፍነው ፈልጌ ነበር። “900 የክፍያ ሰነድ በወቅቱ አዘጋጅቻለሁ” ብዬ ሞከርኩ፤ አነበብኩትና ራሴ ሳቅሁ። ሰነድ መዘጋጀቱ ገበሬው ኪስ ውስጥ ምን ያስገባል? ሲቪው ላይ ስለ ክፍያ ምንም አልጻፍኩም። በማመልከቻ ደብዳቤው ላይ ግን ክፍያው የት ላይ ይዘገይ እንደነበር በሁለት ዓረፍተ ነገር አስቀመጥኩ፤ ከ19ኙ ቀን አብዛኛው የሚያልቀው የርክክብ ሰነዱ ዩኒየን ደርሶ እስኪጸድቅ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፤ እኔ ልሳሳት ምንም አልቀረኝም ነበር። ሲቪው በእንግሊዝኛ ነው። “2013 እና 2014” ብዬ ብልከው አንባቢው በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ያኔ ደግሞ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። የኛ ጥርና የካቲት 2013 በነሱ 2021 መጀመሪያ ነው። ቁጥሩ ሁሉ ልክ ሆኖ ዓመቱ ከትምህርት ማስረጃዬ ጋር ቢጋጭ ማን ያምነኛል? በጀት ዓመት የምትጽፉም ልብ በሉ፤ የኛ ከሐምሌ እስከ ሰኔ ስለሆነ በፈረንጁ ሁለት ዓመት ይነካል። መሬት በጥማድ የለካችሁም ወደ ሄክታር ቀይሩት።

ሲቪው በመጨረሻ ከሶስት ገጽ ወደ አንድ ተኩል ወረደ። 371ዱ ሰልጣኞች አሉበት፣ ግን ወደ ታች ወርደው፣ እንደ ስራ እንጂ እንደ ውጤት አይደለም።

ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። አሁንም ጥያቄው እዚያው ላይ ወደቀ፤ “ግማሹ መጣ ብለዋል፣ ያልመጡት 216ቱስ?” አሉኝ። ይህን አልተዘጋጀሁበትም ነበር። ግን ካርኒውን ራሴ ስለቆጠርኩ፣ አብዛኞቹ ከመመዘኛው ቦታዎች ርቀው ካሉት ሁለት ጎጦች መሆናቸውን አውቅ ነበር፤ እሱን ነገርኳቸው። አንዱ ጻፉት። ውጤቱ ገና አልተነገረኝም።

እስከዚያው ለአንድ የዱቄት ፋብሪካ የእህል ግዢ ሰራተኛ ቦታ እያዘጋጀሁ ነው። ያኛው ማስታወቂያ የሚፈልገው በወቅቱ የሚገባ ብዛትና ደረቅነት ነው፤ ስለ አባላት ድርሻ አንድ ቃል የለውም። ስለዚህ 1,800 እና 2,700 ተመልሰው አናት ላይ ወጡ። ከስራቸው የተመላሽ አይሱዙዎቹ ቆጠራ አለ። 150 እና 216 ወደ ታች ወርደዋል፤ ነገ ደግሞ እህሉ በየሳምንቱ እንዴት ይገባ እንደነበር ልቆጥር ወደ ካርኒዎቹ እመለሳለሁ።