ደጋን ምን?

ደብረ ብርሃን፣ ሐሙስ ማታ።

ዛሬ የአልበማችንን ስም ጨረስን። ጨረስን ልበል እንጂ ከበሮ መቺያችን እስካሁን አኩርፏል። ቢሆንም ስሙ ተጽፏል፣ ሽፋኑም ተስተካክሏል። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ እንዴት እዚህ እንደደረስን ልጻፈው ብዬ ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። የዛሬው ብርድ ለጉድ ነው።

ዘጠኝ ዘፈኖች ነበሩን። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ አንድ እያሉ የተጠራቀሙ ናቸው። ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። አንዱን ለበዓል ሠራነው፣ አንዱ ከልምምድ መሀል ወጣ፣ አንዱን ደግሞ እኔ ተጣልቼ የገባሁ ቀን ጻፍኩት። አልበም ይሆናሉ ብለን አልጀመርናቸውም። ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንትና ከበሮ አሉን። ባስ ጊታርም አለን። ዜማችን ከሀገር ቤት ይነሳል እንጂ የሀገር ቤት ዘፈን እንደወረደ አንጫወትም። ስሙ ይህንንም መዋሸት የለበትም።

መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ የባንዱን ስም ለአልበሙ መስጠት ነበር። ቀላል ነው፣ ጭቅጭቅም የለውም። ብዙ ባንዶች የመጀመሪያ ሥራቸውን እንዲህ ያወጣሉ። ግን ማንም አያውቀንም። የማይታወቅ ባንድ ስሙን ሁለት ጊዜ ቢጽፈው ሰሚው ስለ ዘፈኖቹ ምንም አላወቀም። ያ ሐሳብ በአንድ ስብሰባ ሞተ።

ቀጥሎ "የመንዝ ድምፅ" መጣ። እኔ ራሴ ነበርኩ ያመጣሁት፣ ወድጄውም ነበር። ማሲንቆ የሚጠግኑልን አንድ ሽማግሌ አሉ። ለእሳቸው ነገርኳቸው። ቆዳውን እየወጠሩ ቀና ሳይሉ "የቱ መንዝ?" አሉኝ።

"እንዴት ጋሼ?"

"ማማ ነው? ላሎ ነው? ወይስ ጌራ?"

ዝም አልኩ። እናቴ የጌራ ምድር ሰው ናት። ሌሎቹ የባንዱ ልጆች ግማሾቹ የተወለዱት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ባስ የሚጫወተው ልጅ መንዝን የሚያውቀው ለሁለት ሰርግ ሄዶ ነው። ሦስቱንም ምድር በአንድ ሽፋን ጠቅልለን "ድምፁ እኛ ነን" ልንል ነበር። ከሕዝብ ዜማ የሚነሳ ሰው ይህ ፈተና አለበት። የአንድ አካባቢ ስም አልበም ላይ ሲወጣ ሰሚው የዚያን አካባቢ ዜማ እንደወረደ ይጠብቃል። ባስ ጊታሩ ሲገባ ደግሞ ተታለልኩ ይላል። እውነቱን ነው።

ሦስተኛው "ውርጭ" ነበር። ይህ ከባድ ተፎካካሪ ነው። በዘፈን ደረጃ ከሁሉም የሚበልጥብን እሱ ነው። በኅዳር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ገበሬው እንቅልፍ አጥቶ ይወጣል፣ ይገባል። ደመና ከሌለ ውርጭ ይወርዳል። ጠዋት ሲሄድ ገብሱ ቆሟል፣ ፍሬው ግን የለም። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ቃሉም ሁለት ፊት አለው፤ ውርጭ በረዶው ነው፣ ከደጋ በላይ ያለው የአየር ጠባይም ውርጭ ይባላል።

ታዲያ ምን ጎደለው? ስሙን ከላይ አድርጌ የሌሎቹን ዘፈኖች ርዕስ ከሥሩ ደርድሬ አነበብኩ። ሌሎቹ ስምንቱ የ"ውርጭ" አጃቢ መሰሉ። የአንዱ ዘፈን ስም ለአልበሙ ሲሰጥ ሰሚው ያንን ዘፈን ፈልጎ ይሄዳል፣ የቀረውን እንደ ትርፍ ያየዋል። አንዳንዴ ይህ ምንም አይደለም። ያ ዘፈን የሌሎቹን ሁሉ ጉዳይ ከያዘ ጥሩ ነው። የእኛ "ውርጭ" ግን የያዘው ሐዘኑን ብቻ ነው። ከአልበሙ እኩሌታው ደግሞ ያስጨፍራል።

ያኔ ነው ወረቀት ያወጣሁት። ለየዘፈኑ ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ የሚናገረው ማን ነው? የት ቆሞ ነው? በእጁ ምን ይዟል? ስሜቱን ሆን ብዬ ተውኩት። "ናፍቆት"፣ "ፍቅር"፣ "ተስፋ" ብጽፍ የማንኛውም አልበም ዝርዝር ይሆንብኛል። "ትዝታ" የሚለውን ቃል የያዘ ስም ለምን እንዳላሰብን የጠየቀኝ ጓደኛም አለ። ትዝታ የቅኝት ስም ነው፣ የዘፈን ስም ነው፣ የሁሉም ሰው ነው። እኛ ስንጨመርበት ማን ያገኘናል?

የያዙትን ዕቃ ስጽፍ አንድ ነገር አየሁ። "ባና" የሚለው ዘፈን ላይ አያቴ ናት ያለችው። መሐል ሜዳ ናት፣ ከበግ የተሸለተውን ጠጉር አጥባ አድርቃ ትነድፋለች። የምትነድፍበት ደጋን ነው። የተቀለበሰ እንጨት ነው፣ ጅማት ተወጥሮበታል። ጅማቱን ስትመታው ጠጉሩ እየተፍታታ እንደ ደመና ይነሳል፣ ቆሻሻው ይረግፋል። ከዚያ ነው ወደ እንዝርት የሚሄደው። በቀረጻው መጀመሪያ ላይ የሚሰማው "ድን፣ ድን" የሚል ድምፅ እሱ ነው። በስልኬ ነው የቀዳሁት።

ማሲንቆ የሚመታበትስ? እሱም ደጋን ነው። የተቀለበሰ እንጨት፣ የፈረስ ጭራ ተወጥሮበታል። ከዘጠኙ ዘፈኖች ሰባቱ ውስጥ አለ። የሽለላው ዘፈን ላይ ደግሞ ጠመንጃውን "ደግኖ" የቆመ ሰው አለ። ቃሉ እዚያም ነበር። እኛ ሳናስበው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲዞረን ነበር።

"ደጋን" ብዬ ለልጆቹ ላክሁላቸው። ባስ ተጫዋቹ "አሪፍ ነው፣ ግን ዕቃ ነው" አለ። ገባኝ። አንድ ዕቃ ስም ሆኖ ሲቀርብ ቆንጆ ነው፣ ግን ዘፈኖቹን አይጎትታቸውም። "ጣርማ በር" የሚለው ዘፈናችን ውስጥ ለምሳሌ ምንም ደጋን የለም። ከመሐል ሜዳ የመጣ ልጅ መገንጠያው ላይ ወርዶ ይቆማል። በአንድ በኩል መንገዱ በዋሻው አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላ ይወርዳል። በሌላ በኩል ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ይሄዳል። ልጁ የያዘው ፌስታል ብቻ ነው።

እሑድ አያቴ ጋ ደወልኩ። ስሙን ልነግራት ነው። መስመሩ ይቆራረጣል።

"እማማ፣ ስሙን አወጣንለት። ደጋን!"

"ደጋን ምን?"

"ደጋን ነው የምልሽ!"

"እኮ፣ ደጋን ምን አላችሁት?"

ስልኩን እንደያዝኩ ሳቅሁ። አያቴ የሰማችው ሌላ ነው። ደጋ፣ ሀገሩ፣ "ን" ተጨምሮበት። ደጋን ወደዱት፣ ደጋን ጠሉት፣ ደጋን ተዉት። ዓረፍተ ነገሩን ጀምሬ ያቋረጥኩት መስሏት ነው ማሰሪያውን የምትጠብቀው።

ስሙ ያኔ ነው የተገኘ። "ደጋን" ማሰሪያ የሚፈልግ ቃል ነው። ማሰሪያውን ደግሞ ዘፈኖቹ ይሰጡታል። ወረቀቴን መልሼ አወጣሁና ከየርዕሱ ጎን አንድ አንድ ግስ ጻፍኩ። "ውርጭ"፦ መታው። "ባና"፦ ቻለችው። "ጣርማ በር"፦ ተወው። ሽለላው፦ ጠበቀው። የትዝታ ቅኝቱ ዘፈን፦ ናፈቀው። የፍቅሩ ዘፈን፦ አስረሳችኝ። ፌስታል የያዘው ልጅ ደጋን ባይዝም ደጋን ትቶ ነው የሚሄደው። ሰሙ ዕቃው ነው፣ ወርቁ ሀገሩ። ይህን ሽፋኑ ላይ አናብራራውም። የገባው ይግባው።

የዘፈኖቹን ቅደም ተከተልም ይኸው ግስ አስተካከለው። ቀድሞ "ጣርማ በር" መጀመሪያ ነበር፣ ምቱ ፈጣን ስለሆነ። ግን ሰውየው ያላሳየንን ሀገር ጥሎ ሲሄድ ማን ያዝናል? አሁን "ባና" ይከፍታል፣ በአያቴ ደጋን ድምፅ። "ጣርማ በር" ስድስተኛ ሆነ። የትዝታው ከእሱ ቀጥሎ መጣ፣ ከሄደ በኋላ ነውና የሚናፍቀው።

አንዱ ግን ግስ አጣ። የሰርጉ ዘፈን። ሁለት ቀን ታገልኩለት። ሙሽራዋ ከየትም ልትሆን ትችላለች፣ ሰርጉም የትም ሊደገስ ይችላል። "ደጋን ዳረ" ብሎ ያሾፈ አለ። አወጣነው። መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም መድረክ ላይ ሰውን የሚያስነሳው እሱ ነው። በጥር፣ ሰርግ ሲበዛ፣ ለብቻው ይወጣል። ምቱን የፈጠረው ከበሮ መቺያችን ስለሆነ ነው ኩርፊያው። አልፈርድበትም።

ሳንወስን በፊት ለሦስት ሰው ብቻውን፣ ያለ ማብራሪያ፣ ቃሉን ጽፌ አሳይቻለሁ። አንዷ ተማሪ "ቀስት ነገር አይደል?" አለች። አንዱ የማሲንቆውን አወቀ። ሦስተኛው የወሎ ልጅ ነው። "እንዴ፣ ስለ እኛ አገር ነው እንዴ?" አለ ደስ ብሎት። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲኬድ ደጋን የምትባል ከተማ አለች። ጭራሽ ረስቻት ነበር! ስሙን ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ እሷን ነው የሚያገኘው። ለዚህ ያገኘነው መላ አንድ ነው፦ በለጠፍነው ሁሉ ላይ የባንዱ ስም ከአልበሙ ስም አይለይም። በላቲን ሲጻፍም Degan ብቻ፣ አንዴ እንዲህ አንዴ እንዲያ አይሆንም። በነገራችን ላይ አንዱ ዘፈናችን በባቲ ቅኝት ነው። የወሎው ልጅ ይህን ሲሰማ ይባስ ብሎ የራሱ አደረገን።

ሽፋኑን የሠራልን ልጅ መጀመሪያ የላከው ጦረኛ ነው። ቀስት ወጥሮ የሚያነጣጥር፣ ጎፈሬው የተበተነ። እንደ ተማሪዋ ነው ቃሉን የሰማው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስሙን ብቻ ልኬ ዝም አልኩ። አሁን ያለው ፎቶ ነው፦ የተነደፈ ነጭ የበግ ጠጉር ክምር ላይ የማሲንቆ ደጋን ተጋድሟል። ከላይ "ደጋን"፣ ከታች የባንዱ ስም። ከሥሩ "ቅጽ 1" የሚል ጨምሮበት ነበር፣ አስጠፋሁት። ዘፈኑን የሚያሰራጩት ሰዎች ሽፋኑ ላይ ያለውና ፎርሙ ላይ የምንሞላው ስም ካልተመሳሰለ ይመልሱታል።

ነገ ጠዋት ፋይሎቹን እልካለሁ። ለአያቴ ግን እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። ዛሬም ስትደውል የጠየቀችኝ እሱኑ ነው፣ ደጋን ምን አላችሁት?