በደብዳቤ ብቻ የሚሄድ የፍቅር ልቦለድ፦ እስካሁን የደረስኩበት

እንደምን ከረማችሁ። የጀመርኩት የደብዳቤ ልቦለድ ወደ መሀሉ ተጠግቷል፤ ከሥራው ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ታሪኩ የ1984 ዓ.ም. ነው። ሂሩት አዋሳ ነርስ ናት፣ ዳዊት ናዝሬት የሒሳብ መምህር። ራስጌው ላይ አዳማ ሳይሆን ናዝሬት ብዬ የምጽፈው ያኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ የከተማዋ ስም እንደዚያ ስለነበር ነው።

አብዛኞቻችን የፍቅር ደብዳቤ ስንጽፍ ናፍቆቱን እንከምርበታለን። ጨረቃው፣ እንባው፣ «ያላንቺ መኖር አልችልም»ው። አንባቢ ግን በዚህ አይያዝም። ሁለቱ ሰዎች ሲቀራረቡ የሚታየው አንዱ የሌላውን ደብዳቤ እንዴት እንዳነበበ ከመልሱ ሲገባን ነው።

ዳዊት በመጀመሪያው ደብዳቤው ሦስት ነገር ይጠይቃል። በሰላም ገቡ ወይ? ያዋስኩዎትን መጽሐፍ ጨረሱት ወይ? መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደ ዋዛ፦ ያን ዕለት ሐይቁ ዳር ለምን ዝም አሉ? ሂሩት ሁለቱን ትመልሳለች። ሦስተኛውን ዘላ ታልፈውና ማንም ያልጠየቃትን ትጽፋለች፦ «ተረኛ ነኝ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፣ በሽተኞቹ ተኝተዋል።» አሁን ዳዊት ጥያቄውን ቢደግመው ነገሩ ተበላሸ፣ ጨቅጫቃ ይሆናል። ስለዚህ እሱም የራሱን ሰዓት ይጽፍላታል፣ ጎረቤት ሬዲዮ እንደተከፈተ፣ የተማሪ ደብተር እያረመ እንደሆነ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም ሰዓት ሳይጽፉ ደብዳቤ አይጀምሩም። የሐይቁን ዳር ነገር ሂሩት ራሷ አምስተኛው ደብዳቤዋ ላይ ታነሳዋለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ይህን ለመከታተል ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አስምሬያለሁ፦ የተጠየቀ፣ የተመለሰ፣ የታለፈ። «የታለፈ» የሚለው ባዶ ከሆነ የሁለት መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ ይመስላል። ከሞላ ደግሞ ሁለቱም ለየብቻቸው እያወሩ ነው ማለት ነው።

ሌላው ጥሩ መሣሪያችን «እርስዎ» እና «አንተ» ነው። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም። ሂሩት በ«እርስዎ» ጀምራ ሁለተኛው ገጽ መሀል ላይ «ብርድ እንዳይመታህ» ትላለች፣ ወዲያው ወደ «እርስዎ» ትመለሳለች። አልሰረዘችውም። የዳዊት መልስ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ «ሁለተኛው ገጽ ላይ አንተ ብለሽኛል። አይቼዋለሁ።» ከዚህ በኋላ «እወድሻለሁ» ማለቱ ራሱ ብዙም አያስቸኩልም።

ትልቁ ራስ ምታት ደግሞ መረጃ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የሚያውቁትን አንባቢ አያውቀውም። «እንደምታውቂው ታላቅ ወንድምሽ ወታደር ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካያችሁ አውጡት፤ ለእህቱ ሳይሆን ለእኛ ነው የተጻፈው። «ወንድምሽ ዩኒፎርሙን አውልቆ መጣ ወይስ ለብሶ?» ቢል ይበቃል። አንባቢ ቀሪውን ራሱ ይገጣጥመዋል፣ የሰው ደብዳቤ ደብቆ እንደሚያነብ ሰው ሆኖ ስለሚሰማው ደግሞ ይጥመዋል።

መንገዱን አትርሱ። ደብዳቤ ቀን ይፈጃል፣ በዚያ መሀል ሰው ሐሳቡን ይለውጣል። የኔዎቹ ደብዳቤዎች አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ዳዊት ማክሰኞ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብሎ ይልካል፣ ሂሩት በዚያው ማክሰኞ «ለጊዜው ባንገናኝ ይሻላል» ትላለች። አንባቢ ሁለቱንም ይዟል፣ እነሱ ግን አንዳቸውም አያውቁም። ለዚህ የሚሆነው ቀኑ በትክክል ከተጻፈ ብቻ ነው፤ እኔ የዚያን ዓመት ካላንደር ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያለሁ።

ሲገናኙስ? ያኔ የሚጽፉበት ምክንያት ያልቃል። እዚህ ላይ ጄን ኦስተን ከሞተች በኋላ የታተመው «ፐርስዌዥን» ረድቶኛል። ካፒቴን ዌንትወርዝ ደብዳቤውን የሚጽፈው የሚወዳት ሴት እዚያው ክፍል ውስጥ ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ እየሰማ ነው። ርቀት የግድ አይደለም ማለት ነው፤ አፍ አውጥቶ መናገር ካልተቻለ ወረቀት ይሠራል። ስለዚህ ዳዊት አዋሳ መጥቶ ወንድሟ ፊት ቡና ይጠጣል፣ ስለ አየር ጠባይ ያወራል፣ ይሄዳል። ቅዳሜን ራሷን አልጻፍኳትም። ሰኞ ሁለቱም ስለዚያችው ቅዳሜ ይጽፋሉ፣ አንዱ «ፊቴን እንኳ አላየሽኝም» ይላል፣ ሌላዋ የሸሚዙ የትኛው ቁልፍ እንደጎደለ ታውቃለች።

አሁን የያዘኝ ሦስተኛው ሰው ነው። የሂሩት ደብዳቤ የሚመጣው በመሥሪያ ቤቷ ፖስታ ሳጥን ስለሆነ መጀመሪያ የሚያገኘው ጸሐፊዋ እጅ ነው። ጸሐፊዋ አንድ ደብዳቤ ታስቀር ወይስ ታንብበውና አሽጋ ታስረክባት? ሁለቱንም እየሞከርኩ ነው። እስካሁን የሚያደላልኝ ሁለተኛው ነው፣ ምክንያቱም ዳዊት ፖስታው ላይ የሚያስረው ክር አለ፤ ሂሩት አስተሳሰሩ መለወጡን አይታ ለዳዊት ልትጽፍለት ትችላለች።